«ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ» የሚለው ደንብ ይቅር

በየትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ሥር የሰደደ አንድ ደንብ አለ፤ «መልሱን ከነጥብ በኋላ በሁለት አሃዝ ጻፉ» ይላል። ካልኩሌተሩ ያወጣውን ሁሉ ከመገልበጥ ይሻላል ተብሎ ማንም አይሞግተውም። እኔ ግን ይህ ደንብ ተማሪውን ያሳስታል እላለሁ። የአሃዙን ብዛት የሚወስነው የመለኪያ መሣሪያው እንጂ መምህሩ አይደለም።

አንድ ተማሪ ከቁራሌ ያገኘው የጠቆረ ቁራጭ ከምን እንደተሠራ በእፍጋቱ ሊለይ ፈለገ እንበል። ሚዛኑ 63.2 ግራም ያሳያል፣ የስህተት ወሰኑም ±0.1 ነው። ቁራጩን ውሃ በያዘ ሲሊንደር ውስጥ ሲከተው ውሃው ከ50.0 ወደ 57.5 ሚሊ ሊትር ይወጣል። ሲሊንደሩ በየ1 ሚሊ ሊትር የተሰመረ ስለሆነ እያንዳንዱ ንባብ ±0.5 ያህል ያጠራጥራል። 63.2ን ለ7.5 ሲያካፍል 8.426666667 ያገኛል፤ በደንቡ መሠረትም 8.43 ብሎ ይጽፋል። የናስ እፍጋት ከ8.4 እስከ 8.7 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ «ናስ ነው» ብሎ ይደመድማል።

ድምዳሜው ግን መሠረት የለውም። ሁለቱ ንባቦች እያንዳንዳቸው ሦስት አሃዝ ቢኖራቸውም ሲቀናነሱ የቀረው 7.5 ሁለት አሃዝ ብቻ ነው፤ የሁለቱ ንባቦች ጥርጣሬ ግን አብሮ አልተቀነሰም። ወሰኖቹ በካሬያቸው ተደምረው ሥራቸው ሲወጣ ±0.7 ይሆናል፤ ይህም የ7.5 ዘጠኝ በመቶ ገደማ ነው። የሚዛኑ ስህተት አንድ በመቶ እንኳ ስለማይሞላ መልሱን የሚገዛው ሲሊንደሩ ነው። የ8.4 ዘጠኝ በመቶ 0.8 ያህል ስለሆነ ትክክለኛው አጻጻፍ 8.4 ± 0.8 ነው። ከ7.6 እስከ 9.2 ባለው ክልል ውስጥ ናስ ብቻ ሳይሆን 7.87 የሆነው ብረትና 8.96 የሆነው መዳብም ይገባሉ። 8.43 ብሎ መጻፍ ይህን ሁሉ ይደብቃል።

ወሰኑን የጻፈ ተማሪ ድካሙን የት ላይ እንደሚያውል ያውቃል፤ የተሻለ ሚዛን ሳይሆን የተሻለ የይዘት ልኬት ያስፈልገዋል። ቁራጩን በክር አንጠልጥሎ ውሃ ውስጥ ቢመዝነውና ሚዛኑ 55.7 ግራም ቢያሳይ፣ የጎደለው 7.5 ግራም ከተገፋው ውሃ ክብደት ጋር እኩል ነው፤ የውሃ እፍጋት 1 ገደማ ስለሆነም ይዘቱ 7.5 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። አሁን ግን ወሰኑ ±0.14 ብቻ ሆኗል። መልሱ 8.4 ± 0.2 ሲሆን ብረትም መዳብም ከክልሉ ይወጣሉ። አሃዙ ያው 8.4 ነው፤ የተለወጠው ሊባልበት የሚችለው ነገር ነው።

ወሰኑ የማይሸፍነው ስህተትም አለ። በቁራጩ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ ይዘቱን አሳድጎ እፍጋቱን ሁልጊዜ ዝቅ ያደርጋል፤ ይህ የሚታወቀው ቁራጩን አራግፎ እንደገና በመለካት ነው።

ስለዚህ መምህራን «±» የሌለበትን የእፍጋት መልስ ሙሉ ነጥብ አይስጡት። በሂሳቡ መሃል አሃዝ አይቆረጥ፤ መጨረሻ ላይ ግን መጀመሪያ ወሰኑ በአንድ አሃዝ ይጻፍ፣ መልሱም ወሰኑ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ይቁም።