ትናንት ለሞተው ከብት ካሳ፣ ነገ ለሚመረዘው ጉድጓድ ጥንቃቄ

በሕግ ትምህርት ቤቶቻችን የአካባቢ ሕግ ፈተና ላይ ከዓመት ዓመት ስሙን እየቀየረ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። ይዘቱ ይህን ይመስላል። አንድ ቆዳ ፋብሪካ ፍሳሹን ወደ ወንዝ ይለቃል። ከፋብሪካው በታች ያሉ ገበሬዎች በወንዙ ጎመንና ሰላጣ ያጠጣሉ፣ ከብትም ያጠጣሉ። ባለፈው ክረምት 6 ላሞች ሞተዋል። ፋብሪካው "ፍሳሼ መንግሥት ካወጣው ደረጃ አያልፍም፣ ደግሞም ከእኔ በላይ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ" ይላል። ገበሬዎቹ ለላሞቹ ካሳ ይጠይቃሉ፤ የጉድጓድ ውሃቸውም እየተበከለ ነው ብለው ይሰጋሉ፣ ግን ማስረጃ የላቸውም። የፋብሪካው ኃላፊነት ምንድን ነው? የቅድመ ጥንቃቄ መርህስ ምን ያደርግላቸዋል?

የተለመደው መልስ የታወቀ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹህና ጤናማ አካባቢን መብት አድርጓል፤ የ1992ቱ (እ.ኤ.አ.) የሪዮ መግለጫ በመርህ 15 የቅድመ ጥንቃቄን መርህ አስቀምጧል፤ በካይ መክፈል አለበት፤ ስለዚህ ፋብሪካው ተጠያቂ ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለብቻው እውነት ነው። መደምደሚያው ግን ከፊተኞቹ አይወለድም። የቅድመ ጥንቃቄ መርህ የሚለው፣ ከባድ ወይም የማይመለስ ጉዳት ሲያሰጋ የሳይንስ ማረጋገጫ አልተሟላም ብሎ መከላከያ እርምጃን ማዘግየት አይቻልም ነው። ስለ ነገ የሚናገር መርህ ነው። ላሞቹ የሞቱት ደግሞ ትናንት ነው።

መልሱ ለሁለት መከፈል ያለበት ለዚህ ነው። መጀመሪያ ትናንትን እንይ።

ለላሞቹ ካሳ የሚያስገኘው የፍትሐ ብሔር ሕጉ የከውል ውጭ ኃላፊነት ክፍል ነው። ተማሪው ቶሎ ብሎ አንቀጽ 2028ን ይጠቅሳል፤ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካስ የሚለውን። በዚህ በር ከገባ ግን ፋብሪካው "ደረጃውን ጠብቄአለሁ፣ ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?" የሚል ጥሩ መከላከያ ያገኛል። የ1995ቱ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300ም ይህን መከላከያ ያግዘዋል፤ ምክንያቱም ብክለትን የሚተረጉመው በሕግ የተቀመጠ ገደብን ከመተላለፍ ጋር አያይዞ ነው።

የተሻለው በር አንቀጽ 2069 ነው። መርዛማ ነገር በመጠቀም ወይም በማከማቸት፣ ወይም የተለየ አደጋ ያለው የኢንዱስትሪ ሥራ በመሥራት ሌላውን ላልተለመደ አደጋ ያጋለጠ ሰው፣ ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ቆዳ ፋብሪካ ጸጉር ለመንቀል ሰልፋይድ፣ ለማልፋት ክሮሚየም ይጠቀማል፤ ክርክሩ እዚህ ላይ ይቆማል። በዚህ በር የገባ ተከሳሽ አንቀጽ 2086 ይጠብቀዋል፦ ጥፋት የለብኝም ወይም ጥፋቱ የሦስተኛ ወገን ነው ማለት አያድነውም። ከላይ ያለው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለዚያው ጉዳት ኃላፊ ሆኖ ከተገኘም በአንድነት ይጠየቃሉ እንጂ አንዱ በሌላው ጀርባ አይደበቅም።

ግን አንድ ነገር አይቀርም። ላሞቹ የሞቱት በዚህ ፍሳሽ መሆኑን የሚያስረዱት አሁንም ገበሬዎቹ ናቸው፤ አንቀጽ 2141 ሸክሙን የጫነው በከሳሽ ላይ ነው። ብዙ መዝገብ የሚሞተው እዚህ ነው። ውሃ ይሄዳል፤ ሌሊት የተለቀቀ ፍሳሽ ጠዋት የለም። ስለዚህ ናሙናው ከሦስት ቦታ በአንድ ሰዓት መወሰድ አለበት፦ ከፋብሪካው ቱቦ በላይ፣ ከቱቦው አፍ፣ ከቱቦው በታች። የላይኛው ናሙና ከሌለ "ከላይ የመጣ ነው" ለሚለው ክርክር መልስ አይገኝም። ከውሃው ጋር ከሥር ያለው ደለልም ይወሰድ፤ ክሮሚየም ደለል ላይ ስለሚቀመጥ የትናንቱን ይናገራል። የእንስሳት ሐኪሙ በሬሳው ያገኘውም በወንዙ ከተገኘው ጋር መገጠም አለበት። ይህ ሁሉ በ2 ዓመት ውስጥ ክስ ካልሆነ በአንቀጽ 2143 ይርጋ ያግደዋል። በዚህ መንገድ ላይ የቅድመ ጥንቃቄ መርህ የጎደለ ማስረጃ አይሞላም።

አሁን ወደ ነገ እንምጣ፤ ወደ ጉድጓዱና ወደ ጎመኑ። እዚህ ጉዳቱ አልተረጋገጠም። መርሁ የተሠራው ደግሞ ለዚህ ነው።

አዋጅ 300ን በጥሞና ላነበበ መርሁ በስሙ ባይጠራም አለ። አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነካ ማለት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤቱ አቤት እንዲል ይፈቅዳል። "ሊያደርስ በሚችል" የምትለዋን ልብ በሉ። መስሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም አቤቱታ አቅራቢው በውሳኔው ካልተስማማ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። አንቀጽ 3 ደግሞ በጤና ወይም በአካባቢ ላይ ስጋት ሲኖር ድርጅቱን እስከመዝጋት ወይም ወደ ሌላ ቦታ እስከማዛወር የሚደርስ እርምጃ ይፈቅዳል። "እስከ" ማለት ከመዝጋት በፊት ብዙ ደረጃ አለ ማለት ነው።

"ፋብሪካ ከተዘጋ የሠራተኛው እንጀራስ?" ለሚሉ መልሱ እዚሁ አለ። ጥንቃቄ በጥርጣሬ መዝጋት አይደለም። የጉድጓዱ ውሃ እስኪመረመር የክሮሚየሙ ፍሳሽ ከሌላው ተለይቶ እንዲያዝ፣ የሌሊት ልቀት እንዲቆም፣ ውጤቱ ለገበሬው እንዲገለጽ ማዘዝ ነው። እርምጃው ከስጋቱ ጋር ይመዘናል።

የማስረዳት ሸክሙስ? የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 በታሚል ናዱ ግዛት የፓላር ወንዝን ስለበከሉ ቆዳ ፋብሪካዎች በወሰነው የቬሎር ጉዳይ፣ ሥራዬ አካባቢን አይጎዳም ብሎ ማስረዳት ያለበት ባለ ፋብሪካው ነው ብሏል፤ በየፋብሪካው ላይም 10,000 ሩፒ ቅጣት ጥሏል። የእኛ አዋጅ ሸክሙን እንዲህ በግልጽ አላዞረም። ሆኖም የ2001ዱ ደንብ ቁጥር 159 ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን በራሳቸው እየተከታተሉ እንዲመዘግቡ ያስገድዳል። ስለዚህ የአቤቱታው የመጀመሪያ ጥያቄ "መዝገቡን አሳዩን" ይሁን። መዝገብ የሌለው ፋብሪካ "ደረጃውን ጠብቄአለሁ" ሲል የሚያሳየው ወረቀት የለውም። በእኔ እምነት ፍርድ ቤቶቻችን ሸክሙን ለማዞር የህንድን ፍርድ መዋስ አያሻቸውም፤ ይህን ግዴታ በቁም ነገር መውሰድ ይበቃቸዋል።

ለምን በፈተና ወረቀት እንከራከራለን? ያ ተማሪ ነገ ዐቃቤ ሕግ፣ ዳኛ ወይም የክልል አካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ይሆናል። መርሁን ለካሳ ክስ ጌጥ አድርጎ የተማረ ሰው፣ ጠረጴዛው ላይ የጉድጓድ አቤቱታ ሲመጣ "ጉዳቱ አልተረጋገጠም" ብሎ ይመልሰዋል። ያን ቀን ሕጉን ገልብጦ አንብቧል፤ ያልተረጋገጠ መሆኑ አቤቱታውን ለመመርመር ምክንያት ነው እንጂ ለመዝጋት አይደለም።

ስለዚህ ጥያቄው ሲታረም ነጥቡ ለሪዮ መግለጫ ቃል በቃል ጥቅስ አይሰጥ። ላሞቹን በ2069፣ ጉድጓዱን በአንቀጽ 11 ላስቀመጠ ይሰጥ። ወንዝ ዳር ላሉትም ምክሩ ያው ነው፦ አቤቱታችሁን በጽሑፍ አድርጉት፣ የገባበትን ቀን በማህተም አስይዙ። 30ው ቀን መቆጠር የሚጀምረው ከዚያ ነው።