«ከ0.05 ከበለጠ አውጡት» ላሉት ጸሐፊ

ጸሐፊው «ፒ-ቫልዩው ከ0.05 ከበለጠ ተለዋዋጩ ውጤት የለውም፤ ከሞዴሉ አውጡት» ሲሉ ተማሪዎችን መክረዋል። ምክሩ ስህተት ነው።

አንድ የስንዴ ምርት ሪግሬሽን እናስብ። የማዳበሪያው ኮፊሸንት 3፣ ስታንዳርድ ኤረሩ 1.8፣ ፒ-ቫልዩው 0.10 ገደማ ነው እንበል። ሌላው ባለበት ሆኖ፣ በሄክታር አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ሲጨመር ምርቱ በሦስት ኩንታል ከፍ ብሎ ይታያል ማለት ነው። የ95 በመቶ ክልሉ ግን ከ-0.5 እስከ 6.5 ይዘልቃል። ዳታው ገና አልለየውም እንጂ «ውጤት የለም» አላለም፤ ስድስት ኩንታልም ቢሆን አልተሻረም።

በአንጻሩ የገበሬው ዕድሜ ኮፊሸንቱ 0.02፣ ፒ-ቫልዩው ከ0.001 በታች ቢሆን ሦስት ኮከብ ያገኛል። ሲመነዘር ግን በአንድ ዓመት ዕድሜ፣ በሄክታር ሁለት ኪሎ ብቻ ነው! በጸሐፊው ምክር ማዳበሪያው ተጥሎ ዕድሜ ሊነግሥ ነው። ተማሪዎች፣ ኮከቡን ከመቁጠራችሁ በፊት ኮፊሸንቱን ከነመለኪያው፣ ቀጥሎም ክልሉን አንብቡ።