ያልተከፈለ የመንገድ ዕዳ አለብዎ ስለሚል መልእክት



በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ግዛት የምትኖር አንዲት እኅታችን ለዚህ ዓምድ ደብዳቤ ስትልክ ከእናቷ ስልክ ገጽ ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ አያይዛለች። እናቷ እንግሊዝኛ የሚያነቡት በጥቂቱ ነው፤ መኪና ግን ራሳቸው ይነዳሉ፤ እሑድ እሑድም ክፍያ ባለበት መንገድ አልፈው ወደ ቅዳሴ ይሄዳሉ። በባንክ ያላቸው 2,300 ዶላር ለሟቹ ባለቤታቸው ለሙት ዓመት ተዝካር የተቀመጠ ነው። እኅታችን የጠየቀችን፥ መልእክቱ ምን እንደሚልና ሐሰት መሆኑ በምን እንደሚታወቅ፥ ለእናቷም በአማርኛ እንድናስረዳላት ነው።

አስቀድመን ቃሉን እንተርጕመው። «የኢዚ ፓስ የመጨረሻ ማስታወቂያ። ያልተከፈለ 6.99 ዶላር የመንገድ ክፍያ አለብዎ። እስከ ዛሬ ማታ ካልከፈሉ 50 ዶላር መቀጫ ይጨመርብዎታል፤ የመንጃ ፈቃድዎም ሊታገድ ይችላል። በሚከተለው አድራሻ ገብተው ይክፈሉ። አድራሻው አልከፈት ካለ Y ብለው ይመልሱ፤ ከዚያ መልእክቱን ዘግተው እንደገና ይክፈቱት።» አድራሻውም እንዲህ ተጽፏል፤

```
https://ezpassva.com-tvqz.xin/pay
```

በአገር ቤት ላሉ አንባቢዎቻችን ጥቂት እንጨምር። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ገንዘብ የሚከፈለው በመንገዱ በር ላይ ነው። ኢዚ ፓስ ግን በመኪናው መስታወት ላይ የምትለጠፍ ትንሽ መሣሪያ ናት፤ መኪናው ሲያልፍ ትነበብና ክፍያው አስቀድሞ ከተቀመጠ ሒሳብ ላይ ይቀነሳል። መሣሪያው የሌለው መኪና ደግሞ ሰሌዳው ፎቶግራፍ ይነሣና የክፍያው ወረቀት በፖስታ ወደ ባለቤቱ ቤት ይላካል። ስለዚህ ሰው ሳያውቀው የመንገድ ዕዳ ሊኖርበት ይችላል፤ የአታላዩም ብልሃት የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ምልክት መልእክቱ እናታችንን አለማወቁ ነው። ስማቸውን አይጠራም፤ የመኪናውን ሰሌዳ፥ ያለፉበትን መንገድና ቀን አይናገርም። እውነተኛ ባለዕዳ ጠያቂ ግን ዕዳው መቼና በምን እንደ መጣ ያውቃል። መልእክቱ የተላከበት ቁጥርም በ+63 ይጀምራል፤ 251 የኢትዮጵያ እንደ ሆነ ሁሉ 63 የፊሊፒንስ ነው። አታላዩ ያንኑ ቃል ለብዙ ሺህ ቁጥሮች ይበትናል፤ ከእነዚያም መካከል በዚያ ሳምንት በክፍያ መንገድ ያለፈ ሰው አይጠፋም። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በሚያዝያ 2024 ስለዚህ ማታለል ሲያስጠነቅቅ፥ በአንድ ወር ከግማሽ ያህል ጊዜ ውስጥ ከ2,000 በላይ አቤቱታ እንደ ደረሰው አስታውቋል።

ሁለተኛውና ዋናው ምልክት አድራሻው ነው። አበው «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ፤ የድረ ገጽ አድራሻም ሥር አለው፤ ሥሩ ግን ያለው ዓይን አስቀድሞ በሚያርፍበት በመጀመሪያው ላይ አይደለም። ሥሩን ለማግኘት https:// የሚለውን እንለፍና ቀጥሎ እስከሚመጣው ያዘመመ መስመር ( / ) ድረስ እንሂድ። ከዚያ መስመር ወደ ኋላ ተመልሰን የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት፥ ማለት በነጥብ የተለያዩትን፥ እናንብብ። በዚህ አድራሻ ላይ የምናገኘው com-tvqz.xin ነው። የቤቱ ባለቤት እርሱ ነው። ፊት ለፊት ያለው ezpassva ባለቤቱ በራሱ በር ላይ የሰቀለው ሰሌዳ ብቻ ነው፤ ማንም ሰው በገዛ በሩ ላይ የፈለገውን ስም ሊሰቅል ይችላልና። የቨርጂኒያው እውነተኛ አድራሻ ezpassva.com ነው፤ ከcom በኋላ ያዘመመው መስመር ይመጣል ወይም አድራሻው ያበቃል። በሐሰተኛው ላይ ግን ከcom ቀጥሎ ትንሽ ሰረዝ አለች፤ ማታለሉ ያለው በእርስዋ ላይ ነው። ከአድራሻው አጠገብ የቍልፍ ምልክት ቢታይም አያጽናናን፤ ቍልፉ የሚያስረዳው በመንገድ ላይ ቃላችንን ሌላ ሰው እንዳያነብ መሸፈኑን እንጂ፥ የምንነጋገረው ሰው ታማኝ መሆኑን አይደለም።

ሦስተኛው ምልክት Y ብለው ይመልሱ የሚለው ነው። የአይፎን ስልክ ከማይታወቅ ሰው የመጣ አድራሻ ሲነካ እንዳይከፈት ያግዳል፤ ባለ ስልኩ መልስ ከሰጠ ግን እንደ ትውውቅ ቆጥሮ ይፈቅዳል። እንግዲህ አታላዩ የሚለምነው የውስጡን መቀርቀሪያ በገዛ እጃችን እንድናነሣለት ነው። እውነተኛ መሥሪያ ቤት ይህን አይጠይቅም።

እናታችን Y ብለው መለሱ፤ ገጹ ተከፈተ፤ የካርዳቸውንም ቍጥር ጻፉ። ወዲያውም ገጹ «ባንክዎ የላከልዎን ስድስት አኃዝ ያስገቡ» አላቸው። በዚያች ሰዓት ልጃቸው ከሥራ ገባች፤ የባንኩንም መልእክት አነበበችው። ቃሉ ስለ መንገድ ክፍያ አንዳች አይናገርም፤ «ካርድዎን በስልክ የክፍያ ቦርሳ ውስጥ ለማስገባት የሚያገለግል ቍጥር ነው፤ ለማንም አይስጡ» ይላል። ነገሩ ሁሉ የተገለጠው እዚህ ላይ ነው። አታላዩ የሚፈልገው 6.99 ዶላር አይደለም። ያን ስድስት አኃዝ ቢያገኝ ኖሮ ካርዱን በራሱ ስልክ ላይ ይጭን፥ ወደ መደብርም ገብቶ ካርዱ በእጁ እንዳለ ሰው ስልኩን አስነክቶ ይገዛ ነበር። ትንሽ ገንዘብ የጠየቀው ሰው ሳይመረምር እንዲከፍል ነው።

ልጅቱ በካርዱ ጀርባ በታተመው ቍጥር ወደ ባንኩ ደወለች እንጂ በመልእክቱ ውስጥ ባለው አልደወለችም። ባንኩ ካርዱን ሰርዞ ሌላ ላከላቸው፤ የተዝካሩም ገንዘብ ሳይነካ ተገኘ። ቀጥሎም የእውነተኛውን ድረ ገጽ አድራሻ በእጇ ጽፋ የእናቷን ሒሳብ ብትከፍት፥ ዕዳ የለም። ስድስቱ አኃዝ ተሰጥቶ ቢሆን እንኳ መንገዱ ይኸው ነበር፤ ነገር ግን ለባንኩ ቍጥሩ መሰጠቱንም መንገርና ካርዱ ከገባበት ከማንኛውም የስልክ ቦርሳ እንዲወጣ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። በአሜሪካ ሕግ ከሒሳቡ ያለ ፈቃዱ ገንዘብ የወጣበት ሰው፥ የባንኩ መግለጫ ከተላከ በኋላ 60 ቀን ሳያስታውቅ ቢቆይ፥ ከዚያ ወዲያ የሚደርሰው ጥፋት በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። መልእክቱን ወደ 7726 ማስተላለፍም የስልክ ኩባንያዎች ቍጥሩን እንዲያግዱ ይረዳል።

አንድ ነገር ግን እንወቅ። ነገ የሚመጣው መልእክት ከቨርጂኒያ ቍጥር ሊላክ፥ ስምና ሰሌዳም ሊጠራ ይችላል፤ ስለዚህ ምልክት ጠፋ ማለት እውነት ነው ማለት አይደለም። የማይናወጠው ሥርዐት፥ ዕዳ አለብህ የተባለ ሰው በመጣለት አድራሻ አለመግባቱና ራሱ በሚያውቀው በር ሄዶ መጠየቁ ነው።

እኅታችን እናቷ እንዳፈሩና ስለዚህ ነገር መናገር እንደማይወዱ ጽፋልናለች። ለእናታችን እንዲህ ብለሽ አንብቢላቸው፤ የሰው ገንዘብ በእጃቸው እንዳያድር ብለው ለመክፈል መቸኰላቸው የሚያሳፍር አይደለም፤ አታላዩ ያጠመደው በዚህ በጎ ጠባያቸው ነው። ከማኅበራቸው እናቶች መካከል ይህ መልእክት የደረሰው ሌላ ሰው አለ፤ እርሳቸው ቢናገሩ ያ ሰው ይድናል።

እግዚአብሔር ቤታችሁን ይጠብቅ።