ቁናና ጣሳ፦ የአንድ ክሊፕ «ዕይታ» ለምን እርስ በርስ አይወዳደርም?

ሰሞኑን በትምህርት ክፍላችን የመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቆች ሲቀርቡ አንድ ዓይነት ሠንጠረዥ መልኩን እየቀያየረ ሲመላለስ አስተዋልኩ። በግራ በኩል ቲክቶክ፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራም የሚሉ ስሞች ተደርድረዋል፤ በቀኝ በኩል ደግሞ አንዱ ክሊፕ በየመድረኩ ያገኘው የዕይታ ቁጥር ተጽፏል። ከሥሩ «ከሠንጠረዡ እንደምንረዳው ቲክቶክ ዩቲዩብን በአምስት እጥፍ ይበልጣል» የሚል ድምዳሜ ይከተላል። አንዳንዱማ ይባስ ብሎ አራቱንም ደምሮ «መልእክታችን ለይህን ያህል ሺህ ሰው ደርሷል» ይለናል።

እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ሠንጠረዥ ከመመረቂያ ጽሑፎቻችን መውጣት አለበት። ስሌቱ ተሳስቷል ማለቴ አይደለም፤ ቁጥሮቹም ከየመድረኩ በትክክል የተገለበጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ችግሩ ሌላ ነው። አንዱ ጤፉን በቁና፣ ሌላው በጣሳ ሰፍሮ «እኔ አሥር አለኝ፣ አንተ ሦስት ብቻ ነው ያለህ» ቢለው ማን ብዙ ጤፍ እንዳለው ገና አላወቅንም። በቪዲዮ መድረኮችም ላይ «ዕይታ» የሚለው ቃል አንድ ይሁን እንጂ መስፈሪያው ለየቅል ነው።

መስፈሪያዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው። ቲክቶክ ክሊፑ መጫወት እንደጀመረ ዕይታ ብሎ ይቆጥራል፤ ተመልካቹ ወዲያው በጣቱ ገፋ አድርጎ ቢያልፈውም ተቆጥሯል። ፌስቡክ ለብዙ ዓመታት የቪዲዮ ዕይታ ብሎ ሲቆጥር የነበረው ቢያንስ 3 ሰከንድ የታየውን ነው። ዩቲዩብ ተመልካቹ ከፍቶ ለሚያየው መደበኛ ቪዲዮ ስንት ሰከንድ እንደሚጠይቅ በይፋ አይናገርም፤ ሊዘለሉ ለሚችሉ ማስታወቂያዎቹ ግን ደንቡ የታወቀ ነው፤ ተመልካቹ 30 ሰከንድ ማየት፣ ማስታወቂያው ከዚያ ካጠረም መጨረስ፣ ወይም ማስታወቂያውን መንካት አለበት።

እኛ አገር በብዛት የምንጠቀምበት ቴሌግራም ደግሞ ከሁሉም ይለያል። በቻናል ላይ ከተለጠፈው ቪዲዮ ሥር በዓይን ምልክት አጠገብ የምናየው ቁጥር ስለ ቪዲዮው መጫወት ምንም አይናገርም። የሚቆጥረው መልእክቱ በሰዎች ስክሪን ላይ መታየቱን ነው፤ ወደ ሌላ ቦታ ፎርዋርድ የተደረገው ቅጂ የታየበትም እዚያው ላይ ይደመራል። የሞባይል ዳታ እንዳያልቅበት ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ የዘጋ ተማሪ ቻናሉን ከላይ ወደ ታች እያየ ቢያልፍ፣ ክሊፑን አንዲት ሰከንድ ሳያይ «ተመልካች» ሆኖ ተመዝግቧል ማለት ነው።

ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚያሳስት በምሳሌ ብናየው ይሻላል። ቁጥሩን ለማስረጃ ያህል ያበጀሁት እኔ ነኝ። 60 ሰከንድ የሚፈጅ አንድ ክሊፕ አለን እንበል። በሦስት መድረኮች ላይ ተለጥፎ በእያንዳንዱ በ1000 ሰዎች ስልክ ላይ መጫወት ጀመረ። የሰዎቹም ጠባይ በሦስቱም ቦታ ፍጹም አንድ ነው፦ 400ዎቹ 3 ሰከንድ ሳይሞላ ያልፉታል፤ ሌሎች 400 ደግሞ ከ3 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ይተዉታል፤ 100ዎቹ ከ30 ሰከንድ አልፈው ሳይጨርሱ ያቋርጣሉ፤ የቀሩት 100 እስከ መጨረሻው ያያሉ።

አሁን እንቁጠር። የመጀመሪያው መድረክ ጅማሬን ስለሚቆጥር 1000 ዕይታ ያሳያል። ሁለተኛው 3 ሰከንድ ስለሚጠይቅ 600 ይላል። ሦስተኛው 30 ሰከንድ የሚጠይቅ ከሆነ 200 ብቻ ይላል። ልብ በሉ፤ ክሊፑ አንድ ነው፤ ሰዎቹ ያደረጉትም አንድ ነው። ሠንጠረዣችን ግን አንደኛው ሦስተኛውን በአምስት እጥፍ በለጠው ሊለን ነው! የበለጠው መስፈሪያው ነው እንጂ መድረኩ አይደለም።

ስሕተቱ በዚህ አያበቃም፤ ወደ ሌሎቹ ስሌቶችም ይጋባል። በሦስቱም ቦታ 40 ሰዎች ላይክ አደረጉ እንበል። ላይክን ለዕይታ ስናካፍል በመጀመሪያው 4 በመቶ፣ በሁለተኛው 6.7 በመቶ፣ በሦስተኛው 20 በመቶ ይመጣል። እንግዲህ ያው ተማሪ በዕይታ ሠንጠረዡ «የመጀመሪያው ይበልጣል» ካለ በኋላ፣ በሚቀጥለው ገጽ «የተመልካች ተሳትፎ ግን በሦስተኛው እጅግ ከፍተኛ ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ምክንያቱን ሲፈልግም ስለ ወጣቶች ባህርይ ሁለት አንቀጽ ይጨምርበታል። የሌለ ነገር ምክንያት ተፈለገለት ማለት አይደል?

አማካይ የዕይታ ጊዜም ከዚህ አያመልጥም። ቅድም ባልናቸው 1000 ሰዎች እናስላው። ቶሎ ያለፉት 400ዎቹ በአማካይ 1.5 ሰከንድ አዩ ብንል 600 ሰከንድ ይሆናል። ተከታዮቹ 400 በአማካይ 10 ሰከንድ ካዩ 4000፣ ከዚያ 100ዎቹ በ45 ሰከንድ 4500፣ የጨረሱት 100 ደግሞ 6000 ሰከንድ ነው። ጠቅላላው 15,100 ሰከንድ ይመጣል። ይህን ለጀመሩት 1000 ሰዎች ስናካፍለው አማካዩ 15.1 ሰከንድ ነው። 3 ሰከንድ ላለፉት ለ600ዎቹ ብቻ ብናካፍለው ግን 25.2 ሰከንድ ይሆናል። ማንም ሰው አንዲት ሰከንድ ሳይጨምር አማካዩ በ67 በመቶ አደገ።

ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 ያመነው ስሕተት ይኸው ነበር። ጠቅላላውን የዕይታ ጊዜ ክሊፑ ለተጫወተላቸው ሰዎች ሁሉ ማካፈል ሲገባው 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ላዩት ብቻ ሲያካፍል ቆይቷል። በዚህም ምክንያት አማካዩ ከ60 እስከ 80 በመቶ ያህል ሳይጋነን እንዳልቀረ ኩባንያው ለአስተዋዋቂዎች ገለጸ። አስተዋዋቂዎች ማጋነኑ ከዚያም በላይ ነው ብለው ከሰሱ፤ ክሱ እ.ኤ.አ. በ2019 በ40 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ። በዚያን ዘመን በርካታ የዜና ተቋማት ጸሐፊዎቻቸውን ቀንሰው ወደ ቪዲዮ ዞረዋል። ለዚህ ምክንያቱ ያ ቁጥር ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ሆኖም አካፋዩን ሳይጠይቁ አማካይን ማመን ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሩቅ ጉዳይ እንዳልሆነ ያሳያል።

«እሺ፣ መድረኮቹን አላወዳድርም፤ በአንዱ በዩቲዩብ ብቻ እሠራለሁ» የሚል ይኖራል። እዚያም ቢሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ወዲህ ቁመቱ ከወርዱ የረዘመ ወይም አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነና ከ3 ደቂቃ ያልበለጠ ክሊፕ ዩቲዩብ ላይ ሲጫን «ሾርትስ» ተብሎ ይመደባል። ያንኑ ክሊፕ ወደ ጎን አድርገን ብናቀናብረው ደግሞ መደበኛ ቪዲዮ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ቃለ መጠይቅ ስልኩ በተያዘበት አኳኋን ብቻ ሁለት የተለያየ አቆጣጠር ይገጥመዋል።

ሾርትስም ራሱ አቆጣጠሩን ቀይሯል። ከማርች 31 ቀን 2025 ጀምሮ ሾርትስ መጫወት በጀመረ ወይም በተደገመ ቁጥር፣ ስንት ሰከንድ ታየ ሳይባል፣ ዕይታ ይቆጠራል። የቀድሞው ጠበቅ ያለ አቆጣጠር Engaged views በሚል ስም ለብቻው ተቀመጠ፤ ዩቲዩብ ለሠሪዎቹ የሚከፍለውም በዚህኛው መሠረት ነው። እንግዲህ የፌብሩዋሪ 2025ን ክሊፕ ከኤፕሪል 2025ቱ ጋር አስተያይቶ «ተመልካቻችን ጨመረ» የሚል ጸሐፊ ተመልካቹን ይሁን መስፈሪያውን እያወራ እንደሆነ መጀመሪያ ይንገረን። ምልክቱ ቀላል ነው፦ በአንድ ቀን ላይ ዕይታው ዘሎ ላይክና አስተያየቱ ባሉበት ከቀሩ ቅድሚያ የሚጠረጠረው አቆጣጠሩ ነው።

መስፈሪያው አንድ ቢሆን እንኳ የማይጠፋ አንድ ልዩነት ይቀራል። ዩቲዩብ ላይ መደበኛ ቪዲዮ ፈልጎ፣ ርእሱን አንብቦና ሥዕሉን አይቶ የከፈተ ሰው ከመጀመሪያዋ ሰከንድ በፊት አንድ ውሳኔ ወስኗል። ቲክቶክ ላይ ግን ክሊፑ ራሱ መጥቶ ይከፈትለታል፤ ውሳኔው ከተከፈተ በኋላ፣ ልቆይ ወይስ ልለፍ የሚል ነው። ገበያ ወጥቶ የሸመተውንና በመንገዱ የቀመሰውን አንድ ላይ «ደንበኛ» ብለን መቁጠር አንችልም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ታዲያ ስፖንሰሩም፣ ለተግባር ልምምድ የተላክንበት መሥሪያ ቤትም የሚጠይቀን ቪው ነው፤ ምን እናድርግ?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ይጠይቃሉ። ንገሩዋቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ቁጥር ከነመስፈሪያው ለየብቻው ንገሩ፤ አትደምሩ። አንድን መድረክ ከራሱ ጋር፣ አቆጣጠሩ ሳይለወጥ፣ በተመሳሳይ የቀናት ብዛት ማወዳደር ይቻላል፤ ይህም ጥሩ ሥራ ነው።

የግድ መድረኮችን ማስተያየት ካስፈለገ ደግሞ ከዕይታ ቁጥር ይልቅ ጠቅላላ የታየበት ጊዜ ይሻላል፤ ሰከንድ የትም ሰከንድ ነውና። በምሳሌያችን ሦስቱም መድረኮች ላይ 15,100 ሰከንድ ነው፤ እኩል መሆናቸውን የነገረን እሱ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ገደብ አለው። አጭር ክሊፕ ሲያልቅ በራሱ ስለሚደገም ስልኩን ከፍቶ ወሬ የያዘ ሰው ብዙ ሰከንድ ይጨምራል፤ አማካይ የታየበት መጠን ከ100 በመቶ በላይ ሆኖ ካገኛችሁት ድግግሞሽ እንደገባበት እወቁ። ቴሌግራምን ደግሞ በዓይኑ ምልክት ቁጥር ብቻ እዚህ ውስጥ ማስገባት አይቻልም።

ለትምህርት ክፍሉ መምህራን የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮ የዕይታ ቁጥር ያለበት ማንኛውም ሠንጠረዥ ሁለት ተጨማሪ ዓምድ ይኑረው፦ አንዱ «ዕይታ የተባለው ምን ሲሆን ነው?»፣ ሌላው «ቁጥሩ የተወሰደው በየትኛው ቀን ነው?» የሚል። እነዚህን ሁለት ዓምዶች መሙላት ያልቻለ ተማሪ ሁለቱን መድረኮች ማወዳደርም አይችልም፤ ይህንንም ከአማካሪው ቀድሞ ራሱ ያየዋል።