«ጅማት» ስንል የትኛውን ነው?

ኳስ ስትጫወቱ እግራችሁ ወለም አለ እንበል። ሐኪሙ ካየ በኋላ ካርዱ ላይ የሚጽፈው «አንቲሪየር ታሎፊቡላር ሊጋመንት» የሚል ሊሆን ይችላል፤ በወለምታ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው እሱ ነውና። ለእናንተ ግን የሚነግራችሁ «ጅማት ተጎድቷል» ብሎ ነው። እዚህ መቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ፣ ጥቂት የጤና ተማሪዎች ሆነን የእንግሊዝኛና የአማርኛ የአናቶሚ ቃላት ዝርዝር የጀመርነው በእነዚህ ሁለት አነጋገሮች መካከል ያለው ርቀት ስላስቸገረን ነው።

ልብ፣ ሳንባ፣ ጉበት፣ ኩላሊት በአንድ ምሽት አለቁ። ጣጣው የመጣው ከጉልበት በታች ስንወርድ ነው። ቅልጥም፣ ባት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ተረከዝ አሉን። ከቅልጥም ጎን ያለው ቀጭን አጥንት፣ ፊቡላ፣ ግን ሰው የሚጠራበት ስም አላገኘንለትም። ተረከዝ ላይ የተቀመጠው ታለስም እንደዚያው።

አንዱ ጓደኛችን «ላቲኑን እንተርጉመው» አለ። ፊቡላ በላቲን ልብስ ማያያዣ መርፌ ማለት ነው። ስለዚህ «የመርፌ ቁልፍ አጥንት» ሊሆን ነው! ይህን ለታካሚ ብትሉት እግሩ ውስጥ መርፌ የገባ ነው የሚመስለው። እኔ በበኩሌ እዚህ ላይ አልደራደርም፤ ፊቡላ ፊቡላ ይባል፣ አጠገቡ ደግሞ «ከቅልጥም በውጭ በኩል ያለው ቀጭን አጥንት» ተብሎ ይብራራ። ላቲኑ የማንም አገር ቋንቋ ስላልሆነ ለሁሉም እኩል ባዕድ ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. ባዝል ላይ የጸደቀው ዝርዝርም ሆነ በ1998 የወጣው ዓለም አቀፍ ዝርዝር በላቲን የተዘጋጁት አንድ ክፍል በሁሉም አገር አንድ ስም እንዲኖረው ነው።

ስም ከሌለው ይልቅ እኔን የሚያሰጋኝ ግን ስም ያለው ነው። ጅማትን ውሰዱ። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውም (ቴንደን)፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘውም (ሊጋመንት) በአማርኛ ጅማት ነው። በዝርዝራችን የመጀመሪያ ረቂቅ ሁለቱም ፊት ለፊት «ጅማት» ተብሎ ተሞልቶ ነበር። ሁሉም ሳጥን ስለሞላ ያለቀ ይመስላል፤ ያላለቀው ግን እዚያ ነው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ወለም ያለው ሰው ሊጋመንቱ ተለጥጦ ወይም በከፊል ተቀዶ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በእረፍት፣ በማሰሪያና በእንቅስቃሴ ይድናል። ከባት ወደ ተረከዝ የሚወርደው ትልቁ ቴንደን ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሰውየውን በሆዱ አስተኝተው ባቱን ሲጨምቁት፣ ደህና ቢሆን ኖሮ የእግሩ ጣቶች አቅጣጫ ወደ ታች ይሄድ ነበር፤ ከተበጠሰ ዝም ይላል። ይህ ሰው በጊዜ ካልታከመ በዚያ እግሩ በጣት ቆሞ መነሳት ሊያቅተው ይችላል። ሁለቱም ቤታቸው ሲገቡ የሚሉት ግን አንድ ነው፦ «ጅማቴ ነው አሉኝ።»

ስለዚህ ጅማትን አልጣልነውም፣ አጠበብነው። ቴንደን «የጡንቻ ጅማት»፣ ሊጋመንት «የአጥንት ለአጥንት ጅማት» ሆነ። ውብ አይደለም፣ አውቃለሁ። ካርዱ ላይ የነበረው ረጅም ስምም «ታለስን ከፊቡላ የሚያያይዘው የፊት ጅማት» ተባለ። ግማሹ ላቲን፣ ግማሹ አማርኛ ነው፤ ግን የቱ ጋ እንደሆነ ይናገራል።

እነዚህ የእኛ ፈጠራዎች ስለሆኑ አጠገባቸው ኮከብ አድርገናል። ይህን የምለው ምክንያት ስላለኝ ነው። አንድ ቃል ዝርዝር ውስጥ ሲገባ አንባቢ ሕዝቡ የሚለው ይመስለዋል። ለታካሚ ተናግሮ ሲደናገርበት «አማርኛው አይገባውም» ይላል እንጂ ቃሉን ባለፈው ወር የፈጠሩት ሦስት ተማሪዎች መሆናቸውን አያውቅም። መፈተኛችን ቀላል ነው፤ አማርኛውን ብቻ ጤና ላልተማረ ሰው እንሰጥና «የቱ ጋ ነው? በጣትህ አሳየን» እንላለን። «እግር» ያልነው ሰው አንዱ ጭኑን፣ ሌላው መርገጫውን አሳየ። በቃ፣ «እግር» ብቻውን ከዝርዝሩ ወጣ።

የሚያሳስበኝ ሌላው ነገር ላቲኑን በግዕዝ ፊደል ብቻ ጽፎ መተው ነው። ኢሊየም የሚባል የዳሌ አጥንት ክፍል አለ። ኢሊየም የሚባል የትንሹ አንጀት መጨረሻም አለ። በላቲን ፊደል የሚለያቸው መሃል ላይ ያለች አንዲት ፊደል ናት፤ በእኛ ፊደል ስንጽፋቸው ግን ምንም አይለያቸውም። የስልክ መፈለጊያ ላይ ብትጽፉት ሁለቱም እኩል ይመጣሉ፣ ተማሪው ደግሞ የመጀመሪያውን ነው የሚነካው። ስለዚህ የላቲኑ አጻጻፍ የራሱ ዓምድ ይኑረው፤ በአማርኛው በኩልም «የዳሌው ኢሊየም» እና «የአንጀቱ ኢሊየም» ይባሉ።

እዚህ ከተማ ደግሞ አማርኛው ራሱ ለብዙ ታካሚ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ኩላሊት በትግርኛ ኩሊት ስለሆነ ያግባባል፤ ጉበት ግን ጸላም ከብዲ ነው፣ ከቃሉ ተነስታችሁ አትገምቱትም። ሦስተኛውን የትግርኛ ዓምድ የከፈትነው ለዚህ ነው፤ እስካሁን የተሞላው ግን ከግማሽ በታች ነው።