ልብስ ጠግኖና አስተካክሎ በቤት ስለ ማደር



ልብስ መጠገንና ማስተካከል የምታውቅ ሴት በጎረቤቶቿ ዘንድ ሥራ አታጣም። የሚቸግራት ገቢዋን አስቀድማ ማወቁ ነው። በአንዱ ሳምንት ዐሥር ሱሪ ይመጣላታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት አንድም አይመጣም። ዋጋውንም የምትናገረው የደንበኛዋን ፊት እያየች ስለ ሆነ፣ ለአንድ ዓይነት ሥራ አንዱ ከፍሎ ሲሄድ ሌላው «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይሄዳል። ይህ ሙያ የዘወትር ገቢ ይሆን ዘንድ ምን መደረግ እንዳለበት፣ በዚህ ወር የሱሪ ማሳጠርን ሥራ ምሳሌ አድርገን እንመለከታለን።

ሱሪ ማሳጠርን የመረጥነው አዘውትሮ የሚመጣ ሥራ ስለ ሆነ ነው። ቀላል ቢመስልም ልብስ የሚበላሽበት ቦታ አለው። ደንበኛው ሱሪውን የሚለካው ከሱሪው ጋር ሊያደርገው ባሰበው ጫማ መሆን አለበት፤ ባዶ እግሩን የተለካ ሱሪ በጫማ ሲለበስ ያጥራልና። ሁለቱም እግሮች ለየብቻ ይለካሉ። ብዙ ሰው አንዱ ዳሌው ከሌላው ጥቂት ከፍ ስለሚል፣ በአንዱ እግር ልክ ሁለቱን የቆረጠች ሰፊ ጥፋቷን የምታውቀው ሱሪው ከተቆረጠ በኋላ ነው። የጥጥ ሱሪና ጅንስ አዲስ ከሆነ፣ ከመለካቱ በፊት አንድ ጊዜ ታጥቦ እንዲመጣ መጠየቅ ይገባል፤ በመጀመሪያው አጠባ ሊሰበሰብ ይችላልና።

ልኩ በስፒል ከተያዘና በሳሙና ስባሪ ከተሰመረ በኋላ፣ ለእጥፋት 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ተትቶ ይቆረጣል። ለሚያድግ ልጅ የሚሰፋ የትምህርት ቤት ሱሪ ግን ከመቆረጥ ይልቅ ትርፉ ሁሉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ቢሰፋ ይሻላል፤ በሚመጣው ዓመት ተፈትቶ ይረዝማል፣ ሰፊዪቱም ያንኑ ሱሪ ሁለተኛ ጊዜ ትሠራበታለች። ጅንስ ሲሆን ወፍራም መርፌ ያስፈልጋል። የጎኑ ስፌት የሚደራረብበትን ጉብታ በመዶሻ ቀስ አድርጎ መምታት፣ ከዚያም የስፌት መኪናው እግር ጉብታው ላይ ሲወጣ ወደ ኋላ እንዳያዘነብል ከበስተኋላው የታጠፈ ጨርቅ ማስገባት ነው። ይህ ካልተደረገ በዚያ ቦታ ክሩ ይዘላል፣ መርፌውም ይሰበራል። በመጨረሻ እርጥብ ጨርቅ አልብሶ በካውያ መተኮስ ነው፤ ያልተተኮሰ ሥራ ስፌቱ ያማረ ቢሆን እንኳ ያላለቀ ይመስላል።

ወደ ዋጋው እንመለስ። ሰፊዪቱ ሰዓት ከፊቷ አስቀምጣ የአንድ ሱሪ ሥራ ከመቀበል እስከ መመለስ የሚወስደውን ጊዜ ትመዝግብ። ለምሳሌ ደንበኛውን ማናገርና መለካት 7 ደቂቃ፣ አሮጌውን እጥፋት መፍታትና መቁረጥ 8 ደቂቃ፣ መስፋት 10 ደቂቃ፣ መተኮስ 5 ደቂቃ ቢወስድባት፣ ድምሩ 30 ደቂቃ ነው። ብዙዎች የሚቆጥሩት መስፋቱን ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሠሩበትን ጊዜ ሁለት ሦስተኛውን በነጻ ይሰጣሉ።

ለአንድ ሰዓት ሥራዋ 120 ብር ይገባኛል ብላ ብታስብ፣ የዚህ ሱሪ የእጅ ዋጋ 60 ብር ይሆናል። ለክር፣ ለመርፌ፣ ለመብራትና ለመኪናው እድሳት 10 ብር ቢጨመር 70 ብር ማለት ነው። እነዚህ ቁጥሮች ምሳሌ ናቸው፤ እያንዳንዷ እንደ ሰፈሯና እንደ ጊዜው የራሷን ታስገባለች፤ ስሌቱ ግን አንድ ነው። ዚፕ መለወጥ አንድ ሰዓት ቢወስድባት 120 ብር ለእጇ፣ 10 ብር ለዕቃው ሆኖ የዚፑ መግዣ በላዩ ይታከላል። የሚዘወተሩት አምስት ስድስት ሥራዎች በዚህ ዓይነት ከተሰሉ በኋላ ዋጋቸው በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ወረቀቱ ስለሚናገር ዘመድም ጎረቤትም ሳይቀየም ይከፍላል።

በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት ለመሥራት ብታስብ 16 ሰዓት ይሆናል። ነገር ግን ልጅ ይታመማል፣ መብራት ይጠፋል፣ እንግዳም ይመጣል። ስለዚህ 12 ሰዓቱን ብቻ ትቁጠር፤ ይኸውም 24 ሱሪ ነው፣ የእጅዋም ገቢ በሳምንት 1440 ብር ይሆናል። ከዚህ በላይ ከተቀበለች የቀጠሮዋን ቀን ታፈርሳለች። ደንበኛም የሚሸሸው ከዋጋው መጨመር ይልቅ «ነገ ተመለስ» መባልን ነው።

ለዚህም ደብተር ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ልብስ ተራ ቁጥር፣ የባለቤቱ ስምና ስልክ፣ የሚሠራው ሥራ፣ ዋጋው፣ የተቀበለችው ቀብድና የመመለሻው ቀን ይጻፍ፤ ያው ቁጥር በቁራጭ ጨርቅ ተጽፎ ከልብሱ ጋር ይያያዝ። ልብሱን ስትቀበል ኪሱ ይፈተሽ፤ ቀዳዳ ወይም እድፍ ካለው ባለቤቱ ፊት ተመዝግቦ ይቀመጥ። ደብተሩ ዋጋው ልክ መሆን አለመሆኑንም ያሳያታል። አንድ ዓይነት ሥራ ደጋግሞ ከታሰበለት ጊዜ በላይ ከወሰደ፣ ስሌቱ ስለ ተሳሳተ ዋጋው ይታረም።

ሥራው በየሳምንቱ እንዳይቋረጥ ከአንድ ልብስ መደብር ጋር መስማማት ይጠቅማል። መደብሩ ዐሥር ሱሪ ተለክቶና ምልክት ተደርጎበት በአንድነት ቢልክላት፣ መለካቱና ማናገሩ ይቀርላታል፣ ክር መለዋወጡም ይቀንሳል፤ የአንዱ ሥራ ወደ 20 ደቂቃ ከወረደ በ50 ብር ብትሠራው የሰዓት ዋጋዋ አይጎድልም። ቅናሽ መስጠት የሚገባው ጊዜው በእውነት ሲያጥር ብቻ ነው።

የበዓላትንም ቀን መቁጠር ያሻል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላልና፣ ጥር 11 ቀን ሲቃረብ የሀበሻ ቀሚስ የሚያስተካክል ይበዛል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሠርግ ስለማይደረግ፣ የሠርግ ልብስ ሥራ ከጾሙ በፊትና ከትንሣኤ በኋላ ይከማቻል፤ በመስከረም ደግሞ የተማሪ ልብስ ይመጣል። እንግዲህ ከበዓሉ አንድ ሳምንት በፊት መቀበልን ማቆም፣ በእነዚህ ወራት ከተገኘውም ለጾሙ ወራት ማስቀመጥ ይገባል።

የሀበሻ ቀሚስ ማሳጠር ግን እንደ ሱሪ አይደለም። ጥለቱ ከግርጌው ስለ ሆነ ከታች ቢቆረጥ ጌጡ ይጠፋል፤ ስለዚህ ወገቡ ላይ ስፌት ካለው ከዚያ ተፈትቶ ይነሣል። የእጅ ሽመና ክሩ ቶሎ ስለሚተረተር፣ ከመቆረጡ በፊት በሚቆረጥበት መሥመር አጠገብ አንድ ጊዜ በመኪና መስፋት ያስፈልጋል። ይህም ከሱሪው ሁለትና ሦስት እጥፍ ጊዜ ስለሚወስድ ዋጋው ለብቻው ይሰላ።

የኮት ትከሻ ማጥበብንና ወፍራም ቆዳ መስፋትን የመሳሰለውን ግን፣ ሥራውን በራሷ አሮጌ ልብስ ላይ ሳትሞክር አትቀበል። የሰው ኮት ቢበላሽ የሚከፈለው ካሣ የአንድ ሳምንት ሙሉ ድካሟን ሊወስድ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሥራ «ይህን አልሠራም፤ ወደ እገሌ ልብስ ሰፊ ይውሰዱት» ብላ በትሕትና የምትመልስ ሴት፣ የደንበኛዋን አመኔታ ሳታጣ በሚቀጥለው ሱሪ ታገኘዋለች።