ማድረሻው በነጻ የሆነ በግ

ባለፈው ሰሞን ከሁለት ዓመት በፊት ያስተማርሁት አንድ ወጣት ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሮቢት ድረስ መጥቶ አንድ ወረቀት በእጄ አኖረ። ወረቀቱ በባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶች ለአገር ቤት ቤተሰባቸው ስጦታ የሚልኩበትን አዲስ ሥራውን የሚያስታውቅ ነበር። «መምህር፣ አማርኛውን ያርሙልኝ» አለኝ። አነበብሁት፤ «ከጂዳም ከዱባይም ይዘዙ፤ የአረፋውን በግ ከእናትዎ ደጃፍ እናቆማለን፤ ማድረሻው በነጻ ነው» ይላል። አማርኛው የሚታረም አልነበረም። የሚታረመው «በነጻ» የምትለው ቃል ነበረች።

ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት ኢትዮጊፍት የተባለው አገልግሎት በውጭ አገር ያለ ሰው በኢንተርኔት በግ አዝዞ በአዲስ አበባ ላለ ዘመዱ እንዲደርስለት ያደርግ ነበር። ዛሬ ግን ላኪዋ ባለ ዲግሪ የአሜሪካ ነዋሪ ብቻ አይደለችም። ከእኛ ሰፈር የሄደች፣ በሰው ቤት የምትሠራ፣ በዓመት አንድ ጊዜ እናቷን ለማስደሰት የምትቆጥብ ልጅ ናት። ስለዚህ ሒሳቡን በእርሷ ኪስ እንመልከተው።

የወር ደመወዟ 1,000 ሪያል ነው እንበል። በከሚሴ ገበያ ደህና ሙክት 16,000 ብር ያወጣል፤ አንድ ሪያልም በባንክ 40 ብር ይመነዘራል ብለን ለስሌት ያህል እንውሰድ። እንግዲህ የበጉ እውነተኛ ዋጋ 400 ሪያል ነው። አንደኛው አገልግሎት «ማድረሻ በነጻ፤ በጉ 560 ሪያል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «በጉ 16,000 ብር፤ ምንዛሪያችን በሪያል 38 ብር፤ የአገልግሎትና የማድረሻ ዋጋ 45 ሪያል» ብሎ ዘርዝሮ ይጽፋል። ልጅቱ «45 ሪያል ለምን እከፍላለሁ?» ብላ ወደ ነጻው ትሮጣለች።

አሁን እርሳስ እናንሣ። የሁለተኛው በግ 16,000 ለ38 ሲካፈል 421 ሪያል ይሆናል፤ 45 ሲጨመር 466 ነው። ከእውነተኛው ዋጋ በላይ የከፈለችው 66 ሪያል ሲሆን ከዚህ ውስጥ 45ቱ በግልጽ የተጻፈ፣ 21ዱ በምንዛሪው ውስጥ የተሸሸገ ነው። በአንደኛው ግን ከበጉ ዋጋ በላይ 160 ሪያል ሄዷል፤ አንድም ሳንቲም «ክፍያ» ተብሎ አልተጻፈም። 160 ሪያል ለዚች ልጅ የአምስት ቀን ያህል ድካም ነው። ክፍያው አልቀረም፤ በበጉ ቆዳ ውስጥ ገባ እንጂ።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው። የስጦታ አገልግሎት ትርፉን በሦስት ቦታ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ በክፍያው፣ በምንዛሪው እና በዕቃው ዋጋ። አንዱን ብቻ ያየ ሰው ምንም አላየም። ስለዚህ ላኪዋ «ክፍያችሁ ስንት ነው?» ብላ አትጠይቅ፤ «እኔ ስንት ሪያል እከፍላለሁ፤ በእናቴ ደጅ የሚቆመው በግ ስንት ብር ያወጣል?» ብላ ትጠይቅ። የበጉን ዋጋ ደግሞ ሻጩን ሳይሆን በዚያው ሳምንት ገበያ የወጣ ዘመድን በስልክ ትጠይቅ፤ አረፋ ሲቃረብ ዋጋው በየሳምንቱ ይወጣልና። ገበያ የሚወጣ የታመነ ወንድም ካላትም፣ ገንዘቡን በባንክ ልካ እርሱ ቢገዛላት ሊረክስላት ይችላል። አገልግሎቱ የሚጠቅመው እናት ብቻዋን ስትሆን፣ ወይም የተላከው ገንዘብ በግ ሳይሆን የሌላ ሰው ጫማ ሆኖ የሚቀር ሲሆን ነው።

ዋጋው ግልጽ ሆነ እንበል፤ እምነቱስ? ባለፈው ዓመት የጎረቤቴ ልጅ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ሰው በኩል በግ ላከች። በስልኳ የደረሳት ሥዕል ቀንዱ የተጠማዘዘ ቀይ ሙክት ነበር። በእናቷ ደጅ የቆመው ግን የኋላ እግሩን የሚጎትት፣ አጥንቱ የሚቆጠር ጠቦት ነበር። ይህ ተራ ጉድለት አይደለም። ሕመሙ ወይም ዕውርነቱ በግልጽ የሚታይ፣ የሚያነክስ፣ ወይም ፈጽሞ የከሳ በግ ለኡድሂያ አይሆንም። እናቲቱም በጉን በኀፍረት ዐይን ዐይኑን እያዩ፣ «ልጄ እንዳታውቅ፤ ደርሷል በሏት» አሉን። እንዲህ ያለው ሥራ የሚኖረው ከእናቶች ዝምታ ነው።

የተማሪዬን ወረቀት ከዚህ ተነሥተን ጻፍነው። በመጀመሪያ ሥዕሉ በጉ በተገዛ ዕለት አንገቱ ላይ ላኪዋ የመረጠችው ቀለም ያለው ክር ታስሮ ይነሣል፤ ሁለተኛው ሥዕል ደግሞ ያው ክር ሳይፈታ ከእናቲቱ ጋር በደጃፋቸው ይነሣል። ሁለተኛም ልጅቱ ለእናቷ አንዲት የምስጢር ቃል በስልክ ትነግራለች። አድራሹ ይህችን ቃል ካላመጣ የአገልግሎት ዋጋውን አያገኝም። ዘዴው አንድ ቀዳዳ አለው፤ አድራሹ መንገድ ላይ ሆኖ ደውሎ «ቃሏን ቶሎ ይንገሩኝ» ቢል የዋህ እናት ትነግረዋለች። ስለዚህ «በጉን በእጅሽ ዳስሰሽ፣ ሲራመድ አይተሽ ብቻ ተናገሪ» መባል አለባት፤ እርሷም የምትረዳው በኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ።

ሦስተኛው ነገር ቀኑ ነው። ኡድሂያ የሚታረደው ከዒድ ሶላት በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የደረሰ በግ ሥጋ እንጂ ኡድሂያ አይሆንም። ከአዲስ አበባ ደሴ ከሚወስደው አስፋልት የወጣ ቀበሌ ደግሞ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር የለውም፤ ባጃጁ ካቆመበት በኋላ ያለው በእግር ነው፤ አድራሻው የጎረቤት ስልክ ነው። በዚህ ምክንያት በጉ ከዒዱ ሁለት ቀን ቀድሞ እንዲደርስ፣ እስከዚያ ቢሞትም ኪሳራው የአገልግሎቱ እንዲሆን ጻፍን።

ተማሪዬ እስከዚህ ድረስ ተስማማ። የተከራከረኝ በመጨረሻው መስመር ነው። «በጉ ካልደረሰ ገንዘብዎን እንመልሳለን» ይላል፤ እኔ «በምን?» አልሁት። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ሁለት ወር ሳይሞላ ከ100 ብር በላይ መሆኑን አስታወስሁት። በዚያ ወቅት በብር የተመለሰለት ሰው ቁጥሩ ሳይጎድል ግማሽ ያህል ገንዘቡን አጥቷል። «የከፈለችው በሪያል ከሆነ የምትመልሰውም ያንኑ ያህል ሪያል ይሁን» አልሁት።

ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እንዲህ ብጽፍ እኮ ነጻ ከሚለው ሰውዬ የተወደድሁ እመስላለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ይመስላል። 45 ሪያል የጻፈ ሰው ምንም ካልጻፈ ሰው ጎን ሲቆም ውድ ይመስላል። ስለዚህ በወረቀቱ ግርጌ ከላይ የሠራነውን ሒሳብ እንዳለ አሰፈርንለት፤ 400፣ 466፣ 560። አንባቢዋ ራሷ ትቀንሰው።

ወረቀቱን አጥፎ ወደ ከሚሴ ተመለሰ። እናንተም ለእህታችሁ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ እንድታነቡላት ስትጠየቁ፣ ከቃሉ በፊት ሦስቱን ቁጥሮች ፈልጉላት፤ ካላገኛችኋቸው «በነጻ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ።